የሽንኩርት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ፦ አረፋ እንዳትስሉ

ለገጣፎ የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን የባዮሎጂ ደብተሯን አሳየችኝ። «የሽንኩርት ሕዋስ» ብላ የሳለችው ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር የሆነ ድቡልቡል ክብ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የአየር አረፋ ነበር የሳለችው። «በይ ከጓዳ ሽንኩርት አምጪ» አልኳትና ከዜሮ ጀመርን።

መጀመሪያ ስላይዱ መሃል አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ። የሽንኩርቱ ስስ ሽፋን ከተላጠ በኋላ ውሃ መፈለግ ከጀመራችሁ ይደርቅና ይጠቀለላል።

ቀይ ሽንኩርቱን ለአራት ሰንጥቁ። ደረቁን ልጣጭ ጣሉና ከሥጋው አንዱን ንብርብር ለዩ። የምንፈልገው በጎድጓዳው፣ በውስጠኛው በኩል ያለውን ስስ ሽፋን ነው። በምላጭ ጥፍር የምታክል አራት ማዕዘን ጫር ጫር አድርጉበት። ጥጉን በወረንጦ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን ካሳለፈ ጥሩ ነው። ነጣ ብሎ ከወፈረ ሥጋው አብሮ መጥቷል፤ ጣሉትና ሌላ ላጡ።

ውሃው ላይ አስተኙትና እጥፋቱን በስቴኪኒ ዘርጉ። ከዚያ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከፋርማሲ የገዛችሁት ቲንክቸር ከሆነ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑት። አዮዲን ኑክሊየሱን ወርቃማ ቡኒ ያደርገዋል፤ ሜቲሊን ብሉ ካገኛችሁ ደግሞ ሰማያዊ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ግን ጉድ ነው።

አረፋው የሚገባው መሸፈኛ መስታወቱን ከላይ ዝርግፍ ስታደርጉት ነው። አንዱን ጠርዝ ውሃው ዳር አስነኩ፣ አዘንብላችሁ ያዙ፣ ሌላውን ጠርዝ በስቴኪኒ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። የተረፈውን ፈሳሽ በሶፍት ምጠጡ።

ስታዩ ከትንሹ፣ ከ4 እጥፉ ሌንስ ጀምሩ። ግድግዳ ላይ እንደተደረደረ ጡብ የሚመስል ነገር ሲታያችሁ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 40 ሂዱ። 40 ላይ ትልቁን ማስተካከያ አትንኩ፤ ሌንሱ ወርዶ መስታወቱን ይሰብራል። ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ከጠፋባችሁ ብርሃኑን ቀንሱ። መብራት ሄዶ በማይክሮስኮፑ ሥር ባለው ብርሃን መላሽ መስታወት የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ ሰማዩ አዙሩት እንጂ ፀሐይዋ ላይ በቀጥታ አታነጣጥሩ፤ ዓይን ይጎዳል።

ተጠራጠራችሁ? መሸፈኛውን በእርሳስ ጫፍ በስሱ ነካ አድርጉ። አረፋ ቅርጹ ይለዋወጣል፣ ይንሸራተታል። ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይቆማል።

ስትስሉ ሦስት ወይም አራት የተያያዙ ሕዋሶች ይበቃሉ። በሹል እርሳስ፣ በአንድ ጭረት፣ ያለ ጥላ። ግድግዳውን በሁለት መስመር አሳዩ። ኑክሊየሱን መሃል ለማድረግ አትቸኩሉ፤ መሃሉን ቫኪዩሉ ስለሚይዘው ብዙ ጊዜ ወደ ዳር ተገፍቶ ነው የምታገኙት። አረንጓዴ ክሎሮፕላስት አትጨምሩ፣ እዚህ ሽፋን ላይ የለም። የስም መስመሮቹን በማስመሪያ አስምሩ፤ እርስ በርስ አይቋረጡ። ከሥር ስንት እጥፍ ጎልቶ እንደታየ ጻፉ፦ የዓይኑ ሌንስ 10 ከሆነ፣ 10 × 40 = 400 እጥፍ።

ልጅቷ የድሮውን ሥዕል አልቀደደችውም። «ሕዋስ» የሚለውን በላጲስ አጥፍታ «አረፋ» ብላ ጻፈችበት።