ከአንድ ፎቶ የ5 ሰከንድ ክሊፕ ማውጣት፦ እንቅስቃሴውን፣ ካሜራውንና ጊዜውን እንዴት እንጽፋለን?

ፎቶው ይሄ ነው። በዕድሜ የገፉ እናት መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። በሁለት እጃቸው ስኒ ይዘዋል። ከስኒው እንፋሎት ይወጣል፣ ዓይናቸው ወደ ስኒው ነው፣ ከንፈራቸው ገጠም ብሏል። ከጎናቸው ስስ ነጭ መጋረጃ አለ። እማማ ልበላቸው። ፎቶን ወደ ቪዲዮ ከሚቀይር የኤአይ ሞዴል የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር፤ እማማ ከስኒው ቀና ብለው ወደ ውጭ ሲመለከቱ የሚያሳይ የ5 ሰከንድ ክሊፕ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮምፕት፣ ማለትም ለሞዴሉ የሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ፣ «መስኮት አጠገብ የተቀመጡ አዛውንት ሻይ ሲጠጡ፣ ሲኒማዊ፣ ስሜት የሚነካ» የሚል ነበር። ክሊፑ ሲወጣ እማማ ጠጡ፣ ስኒውን አስቀመጡ፣ በጥርሳቸው ፈገግ አሉ፣ ካሜራውም ዞራቸው። መጨረሻ ላይ የቀረው ፊት የእሳቸው አልነበረም። የሌላ ሰው ነው።

ለምን? ጥርሳቸው ፎቶው ላይ አይታይም። የፊታቸው ሌላኛው ጎንም አይታይም። ሞዴሉ ያላየውን ነገር እንዲያሳይ ሲገደድ ከራሱ ይፈጥራል፣ የሚፈጥረው ደግሞ የማንንም ሊሆን የሚችል ጥርስና ጉንጭ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም እንቅስቃሴ ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይሄ እንቅስቃሴ ፎቶው ላይ የሌለ ምን ነገር ይገልጣል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

1. መጀመሪያ ፎቶውን አንብቡት

መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ምንም ሳትጽፉ ፎቶውን አተኩራችሁ እዩት። ሦስት ዓይነት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር፦ እንፋሎት፣ ጨርቅ፣ ፀጉር፣ ውሃ፣ ቅጠል። እነዚህ ለሞዴሉ ቀላል ናቸው፤ ትንሽ ቢሳሳት እንኳን ማንም አያውቅበትም። የአንድ እንፋሎት ትክክለኛ ቅርጽ ይሄ ነው የሚል ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ሊንቀሳቀስ የሚችል ግን ስህተቱ ወዲያው የሚታይ፦ ዓይን፣ አፍ፣ ጣት። ሦስተኛ፣ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የሌለበት፦ ግድግዳ፣ የመስኮቱ ፍሬም፣ ጠረጴዛ፣ ጽሑፍ ካለም ጽሑፉ።

የእማማ ፎቶ ላይ እንፋሎቱና መጋረጃው ቀላሎቹ ናቸው። ዓይናቸው ይቻላል፣ በጥንቃቄ። እጃቸውን ግን አልነካም። ጣቶቻቸው ስኒው ላይ ተጠላልፈዋል፣ ግማሾቹ ከስኒው ጀርባ ናቸው። ስኒውን ልቀቁ ካልኳቸው ሞዴሉ የተደበቁትን ጣቶች መቁጠርና መሥራት ሊኖርበት ነው፣ ስድስተኛ ጣት የሚበቅለውም እዚህ ላይ ነው።

2. ያለውን ሳይሆን የሚለወጠውን ጻፉ

ብዙ ሰው ፎቶውን መልሶ ይገልጻል። «ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ…» ይላል። ፎቶው ይሄን ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ደግማችሁ ስትጽፉት ቢሻል ምንም አይጨምርም፤ ሲብስ ደግሞ ቃላችሁ ከፎቶው ጋር ይጋጫል። ሹራቡ ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ ሳለ «ሰማያዊ» ካላችሁ፣ ክሊፑ እየሄደ ሲመጣ ሹራቡ ቀስ እያለ ሲቀየር ልታዩ ትችላላችሁ።

በምትኩ ግስ ጻፉ። ማን፣ ምን ያደርጋል፣ ወዴት፣ በምን ፍጥነት፣ የት ላይ ያቆማል። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል። «ቀና ይላሉ» ብላችሁ ከተዋችሁት ሞዴሉ ቀና አድርጓቸው ሲጨርስ ጊዜ ይተርፈዋል፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ የራሱን ነገር ይጨምራል፤ ወይ ያስቃቸዋል፣ ወይ ወደ ካሜራው ያዞራቸዋል። «ዓይናቸውን ቀስ ብለው ከስኒው ወደ መስኮቱ ያነሳሉ፣ እዚያው ላይ ጸጥ ይላሉ» ስትሉ ግን መጨረሻው ታሰረ።

ግራና ቀኝ ላይ ተጠንቀቁ። የሰውየው ግራ ነው ወይስ የፎቶው ግራ? ሞዴሉም እንደኛ ይምታታበታል። ፎቶው ላይ የሚታይ ነገር ጥሩ ምልክት ይሆናል፤ «ወደ መስኮቱ» ማለት «ወደ ግራ» ከማለት ይሻላል።

እንደ «ስሜት የሚነካ» ያሉ ቃላትንም በሚታይ ነገር ቀይሯቸው። ስሜት አይንቀሳቀስም። የዓይን ሽፋን ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

3. ለካሜራው አንድ ትእዛዝ ብቻ

ካሜራውን ከሰውየው ለዩት፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ቀስ ብሎ ወደ ፊት» ብቻ ካላችሁ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ሰውየው ነው ወይስ ካሜራው? ስለዚህ እማማ ተነስተው ወደ እናንተ ሲመጡ ብታዩ አትገረሙ።

የካሜራ እንቅስቃሴዎችን ስም ብቻ ከማጥናት፣ እያንዳንዱ ምን የማይታይ ነገር እንደሚገልጥ ማወቅ ይጠቅማል። ዙም ስዕሉን ያጎላዋል እንጂ ካሜራው ቦታውን አይለቅም፤ የሚገለጥ አዲስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወደ ፊት መጠጋት፣ ፑሽ ኢን የሚሉት፣ ካሜራው ራሱ ይሄዳል፤ ከፊት ያለው ነገር ከኋላው ካለው ፈጥኖ ያድጋል፣ ጥልቀት የሚሰጠውም ይሄ ነው። ትንሽ ከሆነ ደህና ነው። ፊቱ ፎቶው ላይ የጥፍር ያህል ከሆነ ግን ስትጠጉ ሞዴሉ ሽፋሽፍትና መስመር መፍጠር ሊጀምር ነው። ወደ ኋላ መሸሽና ፓን፣ ማለትም ካሜራው እንደቆመ ወደ ጎን መዞሩ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ያለውን ያስፈጥሩታል። ግድግዳ ከሆነ ችግር የለም። የአንድን ሰው የተቆረጠ ትከሻ ከሆነ ግን ከትከሻው በስተጀርባ ማን እንደሚመጣ አታውቁም። ከሁሉም አስቸጋሪው ዙሪያውን መዞር ነው። የሰውን ጀርባና ሌላኛውን ጉንጭ ፎቶው አላሳየማ!

እኔ ለፊት ፎቶ የምመርጠው ሁለት ብቻ ነው፦ የቆመ ካሜራ ወይም በጣም ትንሽ ፑሽ ኢን። ካሜራው እንዲቆም ስትፈልጉ «ካሜራ አይንቀሳቀስ» ብሎ በአሉታ መጻፍ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ «መንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ራሱ ሐሳቡን ይሰጠዋል። የምትፈልጉትን በአዎንታ ጻፉት። አብዛኞቹ መሣሪያዎች እንግሊዝኛውን የተሻለ ስለሚረዱ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦

```
static camera, locked on a tripod
```

4. ጊዜውን በሰዓት ለኩት

አብዛኞቹ መሣሪያዎች ርዝመቱን በቁልፍ ያስመርጣሉ፣ 5 ወይም 10 ሰከንድ የተለመደ ነው። ፕሮምፕቱ ውስጥ «5 ሰከንድ» ብሎ መጻፍ ርዝመቱን አይቀይረውም። የእናንተ ሥራ ሰከንዱን የሚሞላ ድርጊት መስጠት ነው፣ ከልክ በላይም ያልሆነ።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ራሳችሁ መሥራት ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ክፈቱ፣ ስኒ ያዙ፣ ቀና በሉ። እኔ ሞክሬው ዓይንን ቀስ ብሎ ማንሳት 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ ከዚያ 3 ሰከንድ ዝም ብሎ ማየት ይቀራል። ሞላ። የመጀመሪያው ፕሮምፕቴ ላይ ግን መጠጣት ብቻውን 4 ሰከንድ ይፈጃል፤ ማስቀመጥና ፈገግታ ሲጨመር ከ8 ያልፋል። ያንን ሁሉ 5 ሰከንድ ውስጥ ስትጨምቁት ሞዴሉ ወይ እንደ ድሮ ፊልም ያስሮጣቸዋል፣ ወይ አንዱን ይዘላል፣ ወይ ስኒው በመሃል ይጠፋል።

ተቃራኒውም አለ። 10 ሰከንድ መርጣችሁ ዓይን ማንሳት ብቻ ከሰጣችሁት፣ ወይ ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ እንዳለ ይንቀራፈፋል፣ ወይ ሞዴሉ የራሱን ይጨምራል። በዚያ ላይ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሆን 5 ሰከንድ 120 ምስል ነው፣ 10 ሰከንድ 240። ከፎቶው በራቀ ቁጥር ፊቱ የመቀየር ዕድሉ ይጨምራል። ለፊት ከ5 አልፌ አልሄድም።

5. አገጣጥሙትና ሞክሩ

የእማማ ፕሮምፕት መጨረሻ ላይ ይሄን መሰለ፦

```
She slowly lifts her eyes from the cup to the window
and holds still, lips closed. Hands stay on the cup.
Thin steam rises. The curtain sways slightly.
Camera: very slow, small push in.
```

ቅደም ተከተሉ ሰውየው፣ አካባቢው፣ ካሜራው ነው። «ከንፈር እንደተገጠመ» እና «እጅ ስኒው ላይ ይቆያል» የሚሉትን ያስገባሁት የመጀመሪያው ክሊፕ የተበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

አንድ ሙከራ አይበቃም። ተመሳሳይ ፕሮምፕት ሦስት ጊዜ ብታስኬዱት ሦስት የተለያየ ክሊፕ ይወጣል። ስህተቱ በሦስቱም ላይ ከተደገመ ጥፋቱ የቃላችሁ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከታየ የዕድል ጉዳይ ነው፣ ቃሉን አትንኩት። ስታርሙ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ መጋረጃው እንደ ማዕበል ሲናጥ አየሁ፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ slightly የምትለዋን ቃል ጨመርኩ፣ ሰከነ።

የወጣውን ስትመረምሩ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታጫውቱት። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ፍሬም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰውየው ያው ሰው ነው? ከዚያ እጆቹን ብቻ እያያችሁ አንዴ፣ የመስኮቱን መስመር ብቻ እያያችሁ አንዴ አጫውቱት። ቀጥ ያለው መስመር ከተንሻፈፈ ካሜራው ከሚችለው በላይ ሄዷል ማለት ነው፣ ፑሽ ኢኑን ቀንሱት ወይም ካሜራውን አቁሙት።

ከ5 ሰከንድ በላይ የግድ ከፈለጋችሁ፣ የመጨረሻውን ፍሬም አውጥታችሁ ለሚቀጥለው ክሊፕ እንደ አዲስ ፎቶ ስጡት። ፍሬሙ ግን የጠራ መሆን አለበት፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ከሆነ ቀጣዩ ክሊፕ ድብዘዛውን የፊቱ መልክ አድርጎ ይወስደዋል። «እዚያው ላይ ጸጥ ይላሉ» የምትለው ሐረግ እዚህም ትጠቅማለች፣ መጨረሻው ላይ የቆመ ፊት ታገኛላችሁ። ከሁለት ቅጥያ በኋላ ግን የመጀመሪያውን ፎቶ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩት። እኔ ሦስተኛው ላይ የእማማ ግንባር መስመሮች ጠፍተው ስላገኘሁት እዚያው አቆምኩ።