አራስ ቤት ውስጥ ሕፃኑን ከዓይን ለመጠበቅ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ፣ አራስ ሊጠይቅ የገባ ሰው ሕፃኑ ትራስ አጠገብ ጤና አዳም ወይም ነጭ ሽንኩርት ቢያይ አይገርመውም። ሕፃኑ ተኩሎ፣ አንገቱ ላይ ክታብ ታስሮ ማየትም የተለመደ ነው። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከሜድትራንያን ዳርቻ እስከ ሕንድ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ላቲን አሜሪካ ድረስ ያማረ ነገር በምቀኛ ዓይን ይጎዳል ይባላል። መከላከያውም በየአገሩ መልኩን ይቀይር እንጂ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው፦ ሲያደንቁ የፈጣሪን ስም መጥራት፣ የልጁን ውበት መሸፈን ወይም ሆን ብሎ ማጉደፍ፣ የተመልካቹን ዓይን ወደ ሌላ ነገር መሳብ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ነገሩ የት እንደሚደረግና መቼ እንደሚደረግ ካለማሰብ ነው። ቦታውና ጊዜው ቢስተካከል ልማዱን መተው እንኳ አያስፈልግም።

ኩሉን ዓይን ውስጥ ማድረግ

ከባዱ ይህ ስለሆነ እናስቀድመው። ገበያ ላይ በድንጋይ መልክ ወይም ተፈጭቶ የሚሸጠው ጥቁርና አንጸባራቂ ኩል ብዙ ጊዜ ጋሌና የተባለ ማዕድን ነው፤ ጋሌና ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ድንጋይ ነው። በተለያዩ አገሮች ከተመረመሩ ኩሎች መካከል ከግማሽ በላይ ክብደታቸው እርሳስ የሆነ ተገኝተዋል። ስለዚህ «በደንብ ተነፍቷል»፣ «በንጹሕ ቅቤ ነው የተለወሰው» የሚለው ማረጋገጫ አይሠራም። ቆሻሻው ከውጭ የገባ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ነው።

ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይጠባል፤ እንባውም በአፍንጫው በኩል ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። የትንሽ ልጅ አንጀት ከዋጠው እርሳስ የሚመጠው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ምንም ምልክት አይታይም፣ በደም ምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። «እኛም ተኩለን ነው ያደግነው» የሚለው ክርክር የማያሳምነው ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሊታይ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ኩሉን የሚያስታውሰው የለም።

ሌላም ጣጣ አለው። ሕፃኑ እንደተወለደ ጤና ተቋም ውስጥ ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት የሚደረግለት በወሊድ ጊዜ የሚተላለፍ የዓይን ኢንፌክሽንን ለመከላከል ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም መግል ቢያወጣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። የተኳለ ዓይን ላይ ግን መቅላቱም መግሉም አይለይም።

አያት «ካልተኳለ አይሆንም» ካሉ የሕንዶችን ልማድ መንገር ይቻላል። እነሱ ዘንድ ዓይንን መኳል እንዳለ ሆኖ፣ ጉንጭ ላይ ወይም ከጆሮ ጀርባ አንዲት ጥቁር ነጥብ የማድረግ ልማድም አለ። ነጥቧ ውበቱን ታጎድፋለች፣ ዓይኑም እሷ ላይ ያርፋል፤ በልማዱ አሳብ ይኸው ይበቃል። እኛም ነጥቧን በኩል ሳይሆን በከሰል ጥላሸት፣ ከቆዳው ይልቅ የኮፍያው ጠርዝ ላይ ብናደርጋት ያው ነው። ቀድሞ የተኳለ ሕፃን ከሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጋዝ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጋዝ። ለክትባት ሲሄዱም መኳሉን ለባለሙያው መንገር ነው።

ክታቡን አንገት ላይ አስሮ ማስተኛት

ክታብ ከብራና ተዘጋጅቶ በቆዳ የሚሰፋ ነው። ውስጡ ጸሎትና አስማት ይጻፋል፤ ለአራስና ለጨቅላ ከሚጻፉት ዋናው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ሲሆን፣ ሕፃናትን ትገድል የነበረችውን ውርዝልያን እንዴት እንደገደላት ይተርካል። ከትልልቆቹ ጥቅልሎች የተወሰኑት ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አሉ። ረዣዥሞቹ ብዙ ጊዜ የሚለኩት በባለቤታቸው ቁመት ነው፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቁ። ደግሞም በአንገት ብቻ አይያዙም ነበር፤ ሕመምተኛው እንዲያየው ተዘርግቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልም ነበር። ይኼ መረሳቱ ያሳዝናል፤ ለሕፃን የሚሻለው ይኸኛው ነበርና።

አንገት ላይ የታሰረ ጠንካራ ክር ሕፃኑ ሲገላበጥ ልብሱ ወይም የአልጋው ዘንግ ላይ ይያዝና ያንቃል፤ የታነቀ ሕፃን ድምፅ ስለማያወጣ እናት አጠገቡ ተኝታ እንኳ ላትሰማ ትችላለች። ቆዳው ደግሞ ወተትና ላብ ይጠጣል፤ ሥሩ ያለው የአንገት እጥፋት እርጥብ ሆኖ ይቀላል፣ ይሸታል። ስለዚህ ክታቡ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ እጁ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በክርስትና ዕለት የሚታሰረው ማተብ ከክታብ ጋር አንድ አይደለም፣ የጥምቀት ምልክት ነው፤ አደጋው ግን አንድ ነው። በጣት ሲስቡት የሚበጠስ ቀጭን የጥጥ ክር ይሁን፣ ሕፃኑ ሲተኛም ይውለቅ።

ዶቃውን በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ማንጠልጠል

ባለ ዓይኗ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ከቱርክ የመጣች ናት፤ ኢዝሚር አጠገብ ባሉ መንደሮች በእጅ ትሠራለች። በአገሯ ሕፃን ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች፤ እዚህም እንዲሁ መደረግ ጀምሯል። መርፌው ይከፈታል፣ ዶቃዋም ትወልቃለች። ከ3 ሳንቲሜትር ያነሰ ስፋት ያለው ማንኛውም ነገር ጨቅላ ሕፃን ያለበት አልጋ ላይ መኖር የለበትም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። በሩ ላይ ስቀሏት፤ ዓይን የሚገባው በዚያ ነውና ሥራዋንም እዚያው ትሠራለች።

«እትፍ እትፍ» ሲባል ምራቅ ማስነካት

ትልልቅ ሰዎች ሲመርቁ እትፍ እትፍ ይላሉ። ግሪኮችም ቆንጆ ልጅ ሲያዩ ሦስት ጊዜ እንደ መትፋት ይላሉ፤ የእነሱ ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ብቻ ነው። ለጨቅላ ድምፁ ይበቃል። ሳል ያለበት ሰው ምራቅ ለአዋቂ ጉንፋን የሆነውን ለአራስ ልጅ የሳንባ ምች ሊያደርገው ይችላል። አድናቆቱን በምርቃት መክፈት ከሁሉ የቀለለው መከላከያ ነው፦ «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ»፣ «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድገው» ብሎ መጀመር፣ «ሲያምር!» የሚለውን ከዚያ ማስከተል። የጠያቂው ድርሻ ከዚህ አይበልጥም።

ሕመሙን «ዓይን ነው» ብሎ ማደር

የ12 ቀን ሕፃን እንውሰድ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጠያቂ ሞልቶት ዋለ፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አመሻሽ ላይ ያለቅሳል፣ ያዛጋል፣ ጡት ይገፋል። አክስት «ዓይን ገብቶታል» ይላሉ። መጀመሪያ የሚታሰበው ግን እናትየው እንግዳ ስታስተናግድ ስንት ሰዓት ሳታጠባው እንደቆየች ነው። ጸጥ ወዳለ ክፍል ገብታ፣ ልብሱን አውልቃ ደረቷ ላይ አድርጋ ታጥባው፣ ጀርባውን በነጠላ ትሸፍነው። ጠብቶ ከተኛ ድካምና ረኃብ ነበር።

ካልጠባ ግን መብራት አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲረጋጋ አተነፋፈሱን ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመው ይቁጠሩ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ይመልከቱ። ብብቱ ሥር ቴርሞሜትር ይደረግ፤ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ሁለቱም አደገኛ ናቸው። መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከናካቴው አልጠባም ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይሄዳል። የጨቅላ ኢንፌክሽን ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ሊገድል ስለሚችል «ጠዋት ጠበል እናደርሰዋለን» የሚለው ቀጠሮ ነው ልጁን የሚያሳጣው። ከሕክምናው ጎን ጠበል መርጨት አይከለክልም። በቀዝቃዛ ጠበል ማጥመቅ ግን የታመመ ሕፃንን ሙቀት ይጥላል፤ ማጠጣትም አይገባም፣ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነውና። ጤና አዳም ጨምቆ መስጠትም እንዲሁ፤ ትራሱ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ አፉ አይግባ፣ ተክሉ መርዝነት አለው።

ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም በየቤቱ ያለ ነው። ጭሱ ትንሽ ሳንባን ከማፈን ሌላ የሚያደርገው የለም። በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ፣ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ መሄድ ነው።

«የማን ዓይን ነው?» ብሎ መጠየቅ

ልጁ ከታመመ በኋላ ከጠያቂዎቹ መካከል ሰው መፈለግ ይጀመራል። ታማሚውን አጭሶ «ማን በላህ?» እያሉ ማስለፍለፍም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ ቤቱ አስቀድሞ የጠረጠረው ሰው ነው። በእኛ አገር ጥርጣሬው ለዘመናት የወደቀው ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ላይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ጣሊያኖች ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ዓይነ ክፉ ናቸው ብለው ያሙ የነበሩት የራሳቸውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ፒዮስ 9ኛን ነበር። ስሙ የሚለጠፈው ባይተዋሩ፣ ሙያው የተናቀው ወይም ስሙ የገነነው ሰው ላይ ነው፤ ከልጁ ሕመም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዛሬ በኮንዶሚኒየም የሚታማው ብዙ ጊዜ ልጅ ያልወለደችው ጎረቤት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ሐሜቱ ሠራተኛዋን ከሥራ ያስወጣል፣ ጎረቤቷን ከዕድርና ከቡና ያርቃል።

ሥጋት ካለ ደንቡን ለሁሉም እኩል ማድረግ ይሻላል። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ሕፃኑን ከቤተሰብ ውጭ ማንም አያቅፍም፤ ሙስሊም ቤት ከሆነም የመጀመሪያዎቹን 40 ቀናት መያዝ ይቻላል። የገባ ሁሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ሳል ያለበት በር ላይ ጠይቆ ይመለሳል፣ ፊቱን ማንም አይስምም። ይህን በር ላይ ቆሞ የሚናገረው አባትየው ቢሆን ይመረጣል፤ አራሷ ከተናገረችው «ንቃን ነው» ተብሎ ይወራባታል።