የአንድ ሳምንት ትምህርት ሲያመልጥ የጥናት ዕቅድን እንደገና እንዴት ማውጣት እንደሚቻል

ከጎጃም ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ተማሪዎች የጤፍ አጨዳ ሲደርስ ቤተሰብ ለማገዝ ይሄዱና ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ሲመለሱ ያመለጣቸውን ሁሉ በሁለት ሌሊት ለመጨረስ ቡና እየጠጡ የሚያነጉ አሉ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለሚያንቀላፋ የዕለቱም ትምህርት ያመልጠዋል፤ ውዝፉም ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማጥናት፣ ውዝፉን ደግሞ ከዚያ በሚተርፈው ሰዓት ብቻ መክፈል ነው።

ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በኅዳር አምስት የትምህርት ቀን አመለጣት እንበል። መጀመሪያ የክፍል ጓደኛዋን ደብተር ተውሳ ያመለጣትን በገጽ ብዛት ሳይሆን በርዕስ ትጽፋለች። ደብተሩን ስትመርጥ ጽሕፈቱ የሚያምረውን ሳይሆን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራቸውን ምሳሌዎች ከነደረጃቸው የያዘውን ብትመርጥ ይሻላታል። ሁሉንም በእጅ መገልበጥም አይመከርም፤ እጅ ሲደክም የተጠና ይመስላል እንጂ መገልበጥ ማጥናት አይደለም። ከዚያ በየርዕሱ ጎን የሚፈጅባትን ሰዓት በግምት ታስቀምጣለች፦ ሒሳብ (ሊሚት) 4፣ ኬሚስትሪ (ፒኤች) 3፣ ፊዚክስ (ፕሮጀክታይል) 3፣ ባዮሎጂ 2፣ እንግሊዝኛ 1፣ በድምሩ 13 ሰዓት።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል የማውጣት ሥራ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ከሚቀላቸው ወይም ከሚወዱት ትምህርት ይጀምራሉ። መጠየቅ ያለበት ግን «መምህሩ በዚህ ሳምንት የሚያስተምረው ያለዚህ ርዕስ ይገባኛል ወይ?» የሚለው ነው። ሒሳብን እንመልከት። x ወደ 3 ሲጠጋ የ (x² − 9)/(x − 3) ሊሚት ስንት ነው ቢባል፣ በቀጥታ 3ን መተካት 0/0 ስለሚሰጥ ላዩን (x − 3)(x + 3) ብሎ መበተን፣ የጋራውን ማጥፋትና በቀረው x + 3 ላይ 3ን መተካት ያስፈልጋል፤ መልሱ 6 ነው። ክፍሉ አሁን የደረሰበት ዴሪቬቲቭ ደግሞ h ወደ 0 ሲጠጋ የ ((x + h)² − x²)/h ሊሚትን ሲጠይቅ ያንኑ አካሄድ ይፈልጋል፤ ላዩ 2xh + h² ይሆናል፣ በ h ሲካፈል 2x + h ይቀራል፣ መልሱም 2x ነው። ሊሚት ያልገባት ተማሪ ይህን በቃል ትይዘው ይሆናል እንጂ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ትቆማለች። ስለዚህ ሊሚት ይቀድማል። ፒኤችም እንዲሁ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የበፈር ስሌት በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ፕሮጀክታይል ግን ክፍሉ ወደ ክብ እንቅስቃሴ ካለፈ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም።

አሁን ሰዓት ማከፋፈል ይቻላል። ተማሪዋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የዕለቱን ትምህርት ካጠናች በኋላ እስከ 4 ሰዓት አንድ ሰዓት ለውዝፉ ትሰጣለች፤ ከዚያም ትተኛለች። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ ይህ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። አምስት ምሽት 5 ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሲጨመር በሳምንት 8 ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሒሳብና ኬሚስትሪ 7 ሰዓት ይወስዳሉ፤ በሁለተኛው የቀሩት ሦስቱ 6 ሰዓት። የሚተርፉትን ሦስት ሰዓታት በሌላ ነገር አትሞላቸውም፤ ግምት ሁልጊዜ ያንሳል፣ ወይም ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ ቅዳሜ ገበያ ይመጣና ጠዋቱ ያልፋል። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ ጋገራ ይተዋል።

አንድ ርዕስ አለቀ የሚባለው ተነቦ ሲያበቃ አይደለም። ደብተሩን ዘግታ ከመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ ሦስት ጥያቄዎችን ያለ እገዛ ትሠራለች፤ ሁለቱን ካገኘች ርዕሱን ሰርዛ ታልፋለች። ሁለቱ ከተሳሳቱባት ያንኑ ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ ብዙም አይረዳትም፤ የተደናቀፈችበትን መስመር ምልክት አድርጋ በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት መምህሩን ብትጠይቅ ይሻላል። «ሊሚት አልገባኝም» ከማለት «0/0 ሲመጣ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ አላውቅም» ማለት በአምስት ደቂቃ መልስ ያስገኛል።

ዕቅዱ ሦስት ምሽት በተከታታይ ካልተፈጸመ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከግምቱ ነው። ያኔ ዕቅዱን ቀዶ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ የቀሩትን ርዕሶች ሰዓት በግማሽ ጨምሮ ወደ ሦስተኛ ሳምንት ማሳለፍ፣ ካልሆነም ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን ለሴሚስተሩ ዕረፍት ማቆየት ይገባል።