ፊቴ አመድ መሰለ፦ ለጀማሪ ልጅ የሜካፕ ችግርና መፍትሄ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሜካፕ የተቀባች ልጅ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ስትቆም አምሮባት ነበር። ከቤት ወጥታ አራት ኪሎ ስትደርስ ግን ጓደኛዋ «ፊትሽን ምን ነካው?» ትላታለች። የስልኳን ካሜራ ከፍታ ስታይ ፊቷ ከአንገቷ ተለይቶ ገርጥቷል፤ ዱቄት የነካው ይመስላል። ብዙዎች ወዲያው «በጣም ተቀባሽ» ይሏታል፤ ነገር ግን ይህ መልክ በጥቂት ቅብም ይመጣል። መንስኤዎቹ ብዙ አይደሉም፤ የየራሳቸው መፍትሄ ስላላቸው ግን ሌላ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት የቱ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

እዚህ የምናወራው ስለ ቀላል አቀባብ ነው። ፊትሽን ታጥበሽ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሎሽን ትቀቢያለሽ፤ በላዩ የፀሐይ መከላከያ ታደርጊያለሽ። ፋውንዴሽኑ የሽምብራ ግማሽ ይበቃዋል፤ እሱም አፍንጫ ዙሪያ፣ የጉንጭ መሃልና አገጭ ላይ ብቻ ነው። ጥቁረት ያለበት ቦታ ካለ የምስር ፍሬ ያህል ኮንሲለር፣ አፍንጫና ግንባር ላይ ትንሽ ፓውደር፣ የላይኛው ሽፋሽፍት ላይ አንድ ዙር ማስካራ፣ ከንፈር ላይ ቀለም ያለው ቅባት ጨመር አድርገሽ ጨረስሽ። በዚህ ዕድሜ ሙሉ ፊትን በፋውንዴሽን መሸፈን አያስፈልግም፤ የራስሽ ቆዳ መሃል መሃል ሲታይ ነው ተፈጥሯዊ የሚመስለው።

ምልክት፦ ፊቱ ነጣ፣ ገረጣ፣ አመድ መሰለ

የማትቸኩይበትን ቅዳሜ ጠዋት ምረጪና ፊትሽን ወደ መስኮት አዙረሽ ተቀመጪ። ብርሃኑ ከጀርባሽ ከመጣ ምንም አይታይሽም። የመታጠቢያ ቤት አምፖልንም አትመኚ፤ ቢጫው አምፖል አመዱን ይደብቃል፣ ነጩ ደግሞ ጤነኛውን ፊት ሳይቀር ያገረጣል።

ሎሽኑን ተቀብተሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ የፀሐይ መከላከያውን ቀኝ ጉንጭሽ ላይ ብቻ አድርጊ፤ ግራው ባዶ ይቆይ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለቱን አስተያዪ። ቀኙ ከግራው ነጥቶ ከታየሽ ፋውንዴሽንሽ ጥፋት የለበትም፤ መንስኤው የፀሐይ መከላከያው ነው። ሁለቱ ጉንጮች አንድ ከሆኑ ፋውንዴሽኑን መንጋጋሽ ላይ፣ ፊትና አንገት የሚገናኙበት ቦታ፣ በጣት ጫፍ ጠብ አድርገሽ አዳርሺው። ወዲያው ከገረጣ የቀለም ምርጫው ተሳስቷል። እስከዚህ ሁሉም ደህና ሆኖ ፓውደሩን ስታደርጊ ከነጣ ጥፋተኛው ፓውደሩ ነው። በዓይን ደህና ሆነሽ በፍላሽ ፎቶ ላይ ብቻ ከነጣሽም አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ፓውደሩ ወይም የፀሐይ መከላከያው ነው።

*የፀሐይ መከላከያው ከሆነ።* ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው መከላከያዎች የነጭ ማዕድን ዱቄት ይዘዋል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ነጭ ጎልቶ ይታያል። «እንግዲያው ልተወው» አትበይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። የብጉር ጠባሳ ጠቁሮ ለወራት እንዲቆይ የሚያደርገውም አንዱ ፀሐይ ነው። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው። አንዱን መስመር መዳፍሽ ላይ አሙቀሽ ተጭነሽ ተቀቢ፣ ጥቂት ቆይተሽ ሁለተኛውን ድገሚ፤ በአንድ ጊዜ ከተለቀለቀው ያነሰ ይነጣል። እንዲህም ሆኖ ከነጣ፣ ሲያልቅ ቡናማ ቀለም የተቀላቀለበትን ወይም ሁለቱ ማዕድናት የሌሉበትን ግዢ፤ ከማሸጊያው ጀርባ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

*ፋውንዴሽኑ ከሆነ።* ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ስለሆነ በምሳሌ እንየው። አንዲት የ16 ዓመት ጠይም ልጅ የታላቅ እህቷን ፋውንዴሽን ተበደረች እንበል። እህትየው ቀይ ናት። ስለዚህ ቀለሙ ከልጅቷ ቆዳ ሁለት ደረጃ ይነጣል፣ ፊቷ ገርጥቶ ከአንገቷ ይለያል። ይህ ግልጽ ነው። ልጅቷ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ሄዳ የሚጠቁረውን ገዛች። አሁን ንጣቱ ጠፋ፤ አመዱ ግን አልጠፋም። ለምን?

ምክንያቱም ቀለም ሁለት ነገር አለው። አንዱ ምን ያህል ይነጣል ወይም ይጠቁራል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከቆዳ ሥር የሚታየው ጥላ ሲሆን፣ ወደ ቢጫና ወርቃማ፣ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። እኛ «ጠይም» እና «ቀይ ዳማ» ብለን የምንለያቸው ሰዎች አንዳንዴ የሚለያዩት በጥቁረት ሳይሆን በዚህ ጥላ ነው። ወርቃማ ጥላ ባለው ጠይም ቆዳ ላይ ሮዝ ጥላ ያለው ፋውንዴሽን ሲያርፍ፣ ጥቁረቱ ልክ ቢሆን እንኳ ግራጫ ይሆናል። ልጅቷ የገዛችው ይህን ነበር።

ዕቃዎቹ ላይ «ዋርም»፣ «ኒውትራል» እና «ኩል» የሚሉ ቃላት ታያለሽ፤ ዋርም ወደ ቢጫና ወርቃማ ያደላል፣ ኒውትራል መሃል ላይ ነው። (ይሄኛው «ኩል» የዓይኑ ኩል አይደለም፤ ወደ ሮዝ የሚያደላ ማለት ነው።) ልጅቷ ሱቅ ተመልሳ በጥቁረት ተመሳሳይ የሆኑ ሦስት ቀለሞችን መንጋጋዋ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አሰመረች፤ ከዚያ ከሱቁ ወጥታ በር ላይ በቀን ብርሃን አየቻቸው። ሮዝ ያለበት ግራጫ መስመር ሆኖ ታየ፣ ኒውትራሉ በትንሹ ለየ፣ ዋርሙ ግን የት እንዳረፈ ለመፈለግ ጊዜ ወሰደባት። የሚገዛው ይህ ጠፍቶ የሚፈለገው ነው። እጅ ጀርባ ላይ ግን አትሞክሪ፤ የእጅና የፊት ቀለም አይገጣጠምም።

ወዲያው ግን ገንዘብ አትክፈዪ። አንዳንድ ፋውንዴሽን ከቆዳ ወዝ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅ ይጠቁራል ወይም ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ቅቡን ፊትሽ ላይ ትተሽ 20 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ በይና ተመልሰሽ እዪው። ከጠቆረ ያንኑ ዓይነት በአንድ ደረጃ የሚነጣውን ሞክሪ። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ችግር የለውም፤ ተከፍቶ የተሞከረ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ስለማይመለስ መጠንቀቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

የተሳሳተውን ገዝተሽ ከሆነ አትጣዪው። ከሚጠቁርና ወርቃማ ከሆነ ፋውንዴሽን የምስር ፍሬ ያህል ጨምረሽ መዳፍሽ ላይ ብትቀላቅዪው ይስተካከላል። ከሚያነጣ ክሬም ጋር ግን በፍጹም እንዳትቀላቅዪ። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ስታቆሚውም ፊትሽ ቀልቶ በብጉር ሊሞላ ይችላል።

*ፓውደሩ ከሆነ።* ነጩ ፓውደር «ቀለም የለውም» ተብሎ ቢሸጥም ሲበዛ ይነጣል፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ የፍላሽ ብርሃን ስለሚመልስም ሠርግ ላይ በተነሳሽው ፎቶ አፍንጫሽ ብቻውን ያበራል። ብሩሹን ነክረሽ ክዳኑ ላይ መታ መታ አድርገሽ አራግፊና አፍንጫና የግንባር መሃል ላይ ብቻ ተጫኚ። ከበዛብሽ ታጥቦ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ከላይ ብትጫኚበት ከቆዳው ጋር ይዋሃዳል።

ምልክት፦ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይነሳል

ፋውንዴሽኑን ስታሺው ትንንሽ ጥቅልሎች እየሆነ ይነሳል። ይህ የሚሆነው ከሥር ያለው ቅባት ሳይመጠጥ ሌላ ሲደረብበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ቫዝሊን አለ፤ ቫዝሊን ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ ስለማይመጠጥ የሚቀጥለው ቅብ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ቫዝሊኑን ለማታ አቆይው፣ ጠዋት ቀለል ያለ ሎሽን ተጠቀሚ። በእያንዳንዱ ቅብ መሃል ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቂ፤ ደብተርሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ ጫማሽን እሰሪ። ፋውንዴሽኑን አታሺው፣ በጣት ወይም በስፖንጅ መታ መታ አድርጊው። አሁን ተንከባሎብሽ ከሆነ በላዩ መጨመር ያባብሰዋል፤ ያንን ቦታ ብቻ በእርጥብ ሶፍት ጠርገሽ እንደገና ጀምሪ።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ አፍንጫና አፍ ዙሪያ ይሰነጣጠቃል

ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ቆዳ ይደርቅና ፓውደሩ በየስንጥቁ ይከማቻል። በእነዚህ ወራት ፊትሽን በሙቅ ውሃና በልብስ ወይም በገላ ሳሙና አትታጠቢ፤ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ የፊት መታጠቢያ ይበቃል። ሎሽኑን ፊትሽ ገና እርጥብ እያለ ተቀቢ። አፍ ዙሪያ ፓውደር አያስፈልግም፤ እዚያ ብዙ ወዝ ስለሌለ ማድረቅ ብቻ ነው የሚሆነው።

ምልክት፦ ግንባር ላይ ይንሸራተታል፣ የፀጉር መስመሩ ላይ ብጉር ይወጣል

ፀጉርሽን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብተሽ ከሆነ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል። ፋውንዴሽኑን ያሟሟዋል፣ የቆዳ ቀዳዳዎችንም ይደፍናል። ቅቤ በተቀባሽበት ቀን ግንባርሽን አትቀቢ፤ በሌላው ቀንም ፋውንዴሽኑ ከፀጉር መስመር ሁለት ጣት ወረድ ብሎ ይቁም። ማታ ሻሽ ስታስሪ ግንባርሽን በሶፍት ጥረጊ።

ብጉርን ለመሸፈን ከቆዳሽ የሚነጣ ኮንሲለር መጠቀም ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። የነጣ ነገር ወደ ፊት የወጣ ስለሚመስል ብጉሩን ያጎላዋል። ልክ የቆዳሽን ቀለም በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፍ የቀላው ቦታ ላይ ብቻ ጠብ አድርጊ፣ ጠርዙን በጣት አደብዝዢ። እብጠቱ ይታያል፤ ሜካፕ የሚሸፍነው ቀለምን እንጂ እብጠትን አይደለም።

ምልክት፦ ማስካራው ከዓይን ሥር ይጠቁራል

የታችኛውን ሽፋሽፍት ተይው፤ ከዓይን ሥር የተቀባሽው ክሬምም ሳይደርቅ ማስካራ አታድርጊ። አንዴ ከጠቆረብሽ እስኪደርቅ ጠብቀሽ በደረቅ ጥጥ አንሺው፤ እርጥቡን ከነካሽው ጉንጭሽ ድረስ ይሄዳል። ማስካራን ከእህትም ከጓደኛም ጋር አትጋሪ፤ ከተከፈተ 3 ወር ካለፈውም የዓይን ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ይጣል። በገበያ በዱቄት የሚሸጠው ኩል አንዳንዴ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል፤ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበትን ዓይንሽ ውስጥ አታስገቢ።

ማታ ስትመለሺ ማስካራውን አታሺው። ጥጥ ላይ ትንሽ የሕፃን ዘይት ጠብ አድርገሽ ጨፍነሽ ለ20 ሰከንድ ያዢበት፣ ከዚያ ወደ ታች ሳቢው፤ በመጨረሻም ፊትሽን በፊት መታጠቢያ ሁለት ጊዜ ታጠቢ። የመጀመሪያው እጥበት ዘይቱንና ቀለሙን፣ ሁለተኛው የቀረውን ያነሳል። በነጭ ፎጣ ስታብሺ ቡናማ ከወጣ ገና አልጠራም።