የስጋት መዝገብን ለወርሃዊ ስብሰባ ማጠቃለል፦ ሁሉም «በሂደት ላይ» ሲሆን

መዝገቡ አለ ብለን እንነሳ። እያንዳንዱ ስጋት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የመከሰት ዕድሉና ተፅዕኖው ከ1 እስከ 5 ተሰጥቷቸዋል፤ ነጥቡ የሁለቱ ብዜት ነው። ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ የሚገባው ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ 8 ወይም 10 ዋና ስጋቶች፣ ባለቤቶቻቸው፣ እርምጃው የደረሰበት። ገጹ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው አምድ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ምልክት፦ ስብሰባው አሥር ስጋት አይቶ አንድም ውሳኔ ሳያሳልፍ ይበተናል

የእርምጃውን አምድ ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች «በሂደት ላይ» ይላል። ያለፈውን ወር ገጽ ብታወጡም ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥር ይጨምርበታል፦ «በሂደት ላይ፣ 80%»።

ምክንያት

«በሂደት ላይ» ትናንት አንድ ኢሜይል የተጻፈለትንም፣ ፊርማ ብቻ የቀረውንም እኩል ይሸፍናል። ማንም አይዋሽም፤ ማንም ግን ምንም አልተናገረም። ፐርሰንቱ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የተለካ ይመስላል። የተለካው የሥራው ብዛት እንጂ የስጋቱ መቀነስ አይደለም።

አንድ መስመር ወስደን እንፍታው። መዝገቡ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«የመረጃ መጥፋት። ነጥብ 6። ባለቤት፦ አይቲ ክፍል። እርምጃ፦ ባክአፕ፣ በሂደት ላይ፣ 80%።»

እርምጃው አምስት ሥራ ነበረው፦ ዲስክ መግዛት፣ መትከል፣ ሶፍትዌሩን ማዋቀር፣ ቅጂው በየሌሊቱ እንዲወሰድ ማድረግ፣ በመጨረሻም ከቅጂው ሥርዓቱን መልሶ ማስነሳት። አራቱ አልቀዋል፤ 80% የመጣው ከዚህ ነው፣ ስሌቱም ትክክል ነው። ነገር ግን መልሶ ተነሥቶ የማያውቅ ባክአፕ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ስጋቱን የሚቀንሰው አምስተኛው ሥራ ብቻ ነው፤ የቀረውም እሱ ነው።

ለምን ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ስንፍና አይሆንም። ሙከራው የክፍያ ሥርዓቱ ለስድስት ሰዓት እንዲዘጋ ወይም ትርፍ ሰርቨር እንዲመደብ ይፈልጋል። ፋይናንስ አልዘጋም ይላል፤ አይቲ ትርፍ ሰርቨር የመግዛት ሥልጣን የለውም። እዚህ ላይ ነው ማኔጅመንቱ የሚፈለገው፤ መዝገቡ ግን «80%» ብሎ አስተኝቶታል።

መፍትሄ

ከእያንዳንዱ ዋና ስጋት ባለቤት አራት ነገር ጠይቁ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ከእርምጃዎቹ ነጥቡን በትክክል የሚያወርደው የትኛው ነው? እሱ መሠራቱን የሚያሳየው ምንድን ነው? መጀመሪያ የተያዘለት ቀንና አሁን የተያዘለት ቀን መቼ ነው? ከስብሰባው የሚፈለግ ነገር አለ? ለመጨረሻው «የለም» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዘግይቷል እያሉ «የለም» ማለት አይቻልም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣውን መልስ አትቀበሉት፣ መርምሩት። «ፖሊሲው ጸድቋል» ማስረጃ አይደለም። «ሥልጠና ተሰጥቷል»ም አይደለም። ተጠባባቂ አቅራቢ ተገኝቶ ውል ተፈርሞ ከሆነ፣ አንድ የሙከራ ትዕዛዝ ወጥቶ ዕቃው ደርሷል ወይ? ካልደረሰ የተገኘው ውል ብቻ ነው።

«በሂደት ላይ» የሚለውን ከምርጫው ዝርዝር አውጡት። በምትኩ አምስት ቃል ይበቃል፦ አልተጀመረም፣ በጊዜው እየሄደ ነው፣ ዘግይቷል፣ ተሠርቷል ግን አልተረጋገጠም፣ ተሠርቶ ተረጋግጧል። አራተኛዋ ስትጨመር መዝገቡ ይንጫጫል፣ ምክንያቱም «አለቀ» የተባለው ብዙው ነገር እሷ ውስጥ ይገባል። ይንጫጫ።

ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ባለቤቱ አይምረጥ። ቀለሙ መጀመሪያ ከተያዘለት ቀን ይቆጠር፤ ያ ቀን ካለፈ አረንጓዴ የለም።

ያው መስመር ተስተካክሎ ሲወጣ ይህን ይመስላል፦

«የክፍያ ሥርዓቱ ሰርቨር ቢበላሽ፣ ባክአፑ መልሶ ተነሥቶ ስለማያውቅ፣ ክፍያ ለቀናት ሊቆም ይችላል። ነጥብ 15፣ ዒላማ 6። ባለቤት፦ የፋይናንስ ዳይሬክተር። እርምጃውን የሚሠራ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ። ተሠርቷል ግን አልተረጋገጠም፤ ከመጀመሪያው ቀን 94 ቀን አልፏል፣ ሦስት ጊዜ ተዛውሯል። የሚፈለግ ውሳኔ፦ ሥርዓቱ አንድ እሑድ ለ6 ሰዓት ይዘጋ ወይስ ትርፍ ሰርቨር ይመደብ?»

ረዘመ፤ አዎ። አሥር እንዲህ ያሉ መስመሮች አንድ ገጽ ላይ ካልገቡ ስጋቶቹን ስድስት አድርጓቸው እንጂ መስመሩን መልሳችሁ አታሳጥሩት።

ምልክት፦ ትልቁ ስጋት ሳይፈታ ከዋናዎቹ ዝርዝር ጠፋ

ከላይ ነጥቡ ከ6 ወደ 15 መመለሱን አስተውላችሁ ይሆናል። 6 የተጻፈው የዲስኩ ግዢ በጸደቀ ዕለት ነው። የመዝገቡ ባለቤት ዕቅዱ ሲያልቅ የሚደረስበትን ነጥብ አሁን ያለ ነጥብ አድርጎ አስገባው፤ ማጠቃለያው በነጥብ ሲደረደር ስጋቱ ወደ ታች ወረደና ገጹ ላይ አልወጣም። ከመጀመሪያው ችግር ጋር ሲገናኝ አደጋው ይከፋል፦ ዘግይቷል የሚል ማንም የለም፣ የሚያይም የለም።

መፍትሄው ሦስት ነጥብ ለየብቻ መያዝ ነው። መነሻ ነጥብ ምንም እርምጃ ባይኖር የሚሆነው ነው፤ ቀሪ ነጥብ ዛሬ፣ ተሠርቶ በተረጋገጠው ብቻ፤ የዒላማ ነጥብ ዕቅዱ ሁሉ ሲያልቅ። የሚደረደረው በቀሪው ነው። ቀሪ ነጥብ የሚወርደው «ተሠርቶ ተረጋግጧል» ሲባል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የወረደውን መልሱት።

ነጥብ በወረደ ቁጥር ደግሞ የትኛው ቁጥር እንደወረደ እዩ። ባክአፕ ሰርቨሩ እንዳይበላሽ አያደርግም፤ ሲበላሽ ጉዳቱን ያቃልላል። ስለዚህ ዕድሉ 3 ሆኖ ይቆያል፣ ተፅዕኖው ከ5 ወደ 2 ይወርዳል። አንድ ሰው በባክአፕ ምክንያት ዕድሉን ዝቅ ካደረገ፣ ሳያስብ ነው የሞላው፤ የሌሎቹንም መስመሮቹን ፈትሹ።

ምልክት፦ ሁሉም «በጊዜው» ነው፣ ግን ምንም አያልቅም

ቀኑ በላዩ ላይ እየተጻፈበት ነው። በወሩ መጨረሻ ያልደረሰው ወደሚቀጥለው ይገፋል፣ አሮጌው ቀን ይጠፋል፣ መዝገቡም ሁልጊዜ ንጹሕ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን የሚይዝ የተቆለፈ አምድ ጨምሩ። እስከዚያው ድረስ የሁለት ወር ፋይሎችን ማነጻጸር ይቻላል። ያለፈውን ወር መዝገብ በሌላ ሺት አስገቡ፤ መለያ ቁጥሩ A፣ ቀኑ I ላይ ከሆነ፣ አዲሱ ኤክሴል ላይ፦

```
=IFNA(I2-XLOOKUP(A2,'ያለፈው ወር'!A:A,'ያለፈው ወር'!I:I),"አዲስ")
```

ዜሮ ከወጣ አልተነካም፤ 30 አካባቢ ከወጣ አንድ ወር ተገፍቷል። እዚህ `IFERROR` አትጠቀሙ። ቀኑ እንደ ጽሑፍ ተጽፎ ስሌቱ ቢሳሳት `IFERROR` ስሕተቱን «አዲስ» ብሎ ይደብቀዋል፤ `IFNA` ግን `#VALUE!` ያሳያችኋል። መለያ ቁጥር በየወሩ እንደ አዲስ የሚሰጥ መዝገብ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። ስጋት ሲዘጋ ቁጥሩ አብሮት ይዘጋል፣ ለሌላ አይሰጥም።

ምልክት፦ «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲባል ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል

ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ክፍል ወይም ኮሚቴ ነው። ክፍል ስብሰባ አይመጣም። አንድ የሥራ መደብ ይጻፍ፣ ከሱ ሥር ደግሞ እርምጃውን የሚሠራው ለብቻው ይቀመጥ። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ ጥያቄ፦ ነገሩ ቢደርስ የማን ሥራ ነው የሚቆመው፣ እርምጃው እንዲፋጠን በጀት ወይም ጊዜ መፍቀድ የሚችለውስ ማን ነው? በምሳሌያችን ሁለቱም ወደ ፋይናንስ ዳይሬክተር ያመራሉ፤ አይቲ የሚሠራ እንጂ የስጋቱ ባለቤት አይደለም። ዳይሬክተሩ ባለቤት ሲሆን «አልዘጋም» ማለት የራሱን ስጋት ማቆየት ይሆንበታል።

የባለቤቱን ስም ሳትነግሩት አታስገቡ። ገጹ ከስብሰባው ሦስት የሥራ ቀን በፊት ለባለቤቶቹ ይሂድ፤ ስብሰባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ያየ ሰው ስለ ስጋቱ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ነው የሚከራከረው።

ምልክት፦ አሥረኛው መስመር በየወሩ ይቀያየራል

እኩል ነጥብ ነው። ከ1 እስከ 5 በሚሄድ ብዜት ብዙ ስጋቶች 12 ላይ ይከመራሉ፣ ማን እንደሚቆረጥ ደግሞ መዝገቡ በተሞላበት ቅደም ተከተል ይወሰናል። ሲተካከሉ ተፅዕኖው የበለጠው ይቅደም። ቀሪ ነጥብ G፣ ተፅዕኖ F ላይ ከሆኑ፣ አዲሱ ኤክሴል ላይ፦

```
=TAKE(SORTBY(A2:M200,G2:G200,-1,F2:F200,-1),10)
```

ብዜቱ አንድ ነገር ይደብቃል፦ 1 በ5 እና 5 በ1 ሁለቱም 5 ናቸው፤ አንዱ ድርጅቱን ሊያፈርስ የሚችል ሲሆን ሌላው በየሳምንቱ የሚያናድድ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ተፅዕኖአቸው 5 የሆኑትን ሁሉ ነጥባቸውን ሳታዩ አንድ ጊዜ አንብቡና የሚገባውን በእጅ ጨምሩ። በእጅ የገባ መሆኑን ገጹ ላይ ጻፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ነጥቡ 9 የሆነ ስጋት ከ20 በላይ ከተቀመጠ ቁጥሮቹ ጽሑፍ ሆነዋል፤ `=SUMPRODUCT(--ISTEXT(G2:G200))` ከዜሮ በላይ ከሰጠ እነሱ ናቸው።

አንድ ስጋት በሦስት ክፍል በሦስት ስም ተጽፎ ሦስት መስመር ከበላ፣ መዝገቡ ላይ እንዳሉ ይቆዩ፣ ገጹ ላይ ግን አንድ መስመር ሆነው መለያ ቁጥራቸው ሁሉ ይጠቀስ።

ነገሩ ደርሶ ከሆነ ስጋት መሆኑ አብቅቷል። ወደ ችግሮች መዝገብ ይዛወር፣ ዕድሉን 5 አድርጎ ማቆየት አይረዳም።