ያለ ደመወዝ የብዙ ወራት ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ዓላማን በሐቅ መግለጽና ለመመለስ ቃል መግባት

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚጠይቁ ብዙ ማመልከቻዎች በእጄ አልፈዋል። የአብዛኞቹ ይዘት «በገጠመኝ ማኅበራዊ ችግር ምክንያት ለአራት ወር ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ከሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር አይዘልም ነበር። እንዲህ ያለው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚደረገው አሠሪው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ለመወሰን የሚያስፈልገው ነገር በውስጡ ስለሌለ ነው። ከዚህ በታች አካሄዱን የማስረዳው፣ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት አምስት ዓመት በሠራች አንዲት ሴት ጉዳይ ላይ ተመሥርቼ ነው። እናቷ ደሴ፣ ጢጣ ባለው ቤታቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላም ደግፎ የሚያነሣቸውና የሚያራምዳቸው ሰው ለወራት አስፈለጋቸው።

በመጀመሪያ፦ መብትዎ የትኛው እንደሆነ፣ ፈቃድ የሚጠይቁበትም የትኛው እንደሆነ ይለዩ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ የገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው፤ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የዓመት ዕረፍት ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይታከልበታል። የብዙ ወራት ፈቃድ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። አዋጁ የሚያውቀው ከሥራ ውል የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ከሚታገዱባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ሲሆን፣ ይህም በሠራተኛው ጥያቄ አሠሪው የሚሰጠው ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው። «አሠሪው የሚሰጠው» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ አሠሪው የመከልከል ሥልጣን አለው ማለት ነውና። ፈቃዱ ከተሰጠ ግን ውሉ አይቋረጥም፤ ሠራተኛው ሥራ የመሥራት፣ አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታቸው ለጊዜው ይቆማል እንጂ። የድርጅትዎ የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ ነገር ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቀው ስለ ፈቃድ የሚናገረውን ክፍል ያንብቡ።

የእኛዋ ሴት እናቷ በወደቁ ጊዜ የ5 ቀኑን ፈቃድ ተጠቅማ ሆስፒታል አስታመመች። ከዚያ አክስቷን እናቷ ዘንድ ትታ ወደ ሥራ ተመለሰችና ማመልከቻዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ይህ አካሄድ በጣም ጠቅሟታል፤ በችግሩ ግፊት ዝም ብላ ብትቀር ኖሮ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለ5 ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል የሚደነግገው የአዋጁ አንቀጽ ይጠብቃት ነበር።

ቀኖቹን ይቁረጡ

«ለጥቂት ወራት» ወይም «እናቴ እስክትድን» የሚል ጥያቄ ማንም ሥራ መሪ ሊፈርምበት አይችልም። መነሻውና ማብቂያው በቀን መቆረጥ አለበት፤ ማብቂያው ደግሞ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ጥራት ተቆጣጣሪዋ የመረጠችው ከሰኞ ጥር 4 ቀን እስከ እሑድ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ነበር። ግንቦትን የመረጠችው ሪያድ የምትሠራው ታናሽ እህቷ ኮንትራቷን ጨርሳ በሚያዝያ መጨረሻ ስለምትገባና እናታቸውን ስለምትረከብ ነው። ሥራ አስኪያጁን ያሳመነው ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል፤ የመመለሻው ቀን ከምኞት ሳይሆን ከአንድ ከሚታወቅ ነገር መነሣቱ።

ከጊዜው ላይ በመጀመሪያ የሚከፈልበትን የዓመት ዕረፍት ማንሣት ብልህነት ነው። የአምስት ዓመት አገልግሎት ስላላት ዕረፍቷ 18 የሥራ ቀናት ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ስለምትሠራና ጥር 11 የጥምቀት በዓል እንደ ሥራ ቀን ስለማይቆጠር፣ ዕረፍቷ ከጥር 4 ተነሥቶ ጥር 25 ላይ አለቀ። ስለዚህ ያለ ደመወዝ የጠየቀችው ከጥር 26 እስከ ግንቦት 2 ያለውን ሦስት ወር ከ7 ቀን ብቻ ሆነ። «አራት ወር» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ የሦስት ሳምንት ደመወዟን ሳታውቀው ታጣ ነበር።

ሥራ መሪዎቹ የውጭ ዜጎች በሆኑባቸው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ። ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። የእኛው «2018» ብቻውን ሲታይ ለእነርሱ ያለፈ ዘመን ስለሆነ፣ ደመወዝ ክፍል ውስጥ ቀን ተዛብቶ ሲመዘገብ አይቻለሁ።

ዓላማውን በሐቅ፣ በልኩ ይግለጹ

ቅርብ አለቃዎን ሳያናግሩ ማመልከቻ ወደ ላይ አይላኩ። በቃል ሲነጋገሩ ጉዳዩን ከነምክንያቱ ይንገሩ፤ በዚያውም የትዕዛዝ መጫኛ ጊዜው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ምናልባት መነሻ ቀንዎን በአንድ ሳምንት መግፋት ብቻ ነገሩን ሊያቃልለው ይችላል።

በእኛ አካባቢ በግልጽ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በወሎ አንዲት ወጣት ሠራተኛ የአራት ወር ፈቃድ ስትጠይቅ፣ የብዙ አለቆች የመጀመሪያ ጥርጣሬ «ዓረብ አገር ልትሄድ ነው» የሚል ነው። ጥርጣሬው አልፎ አልፎ እውነት ሆኖ ስለተገኘ፣ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ጥራት ተቆጣጣሪዋ አለቃዋ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም፤ «እህቴ እዚያ ናት፤ እኔ ግን የምሄደው ጢጣ ነው፤ ሲፈልጉ ይደውሉ፣ ቤታችንም ይምጡ» አለችው። እህቷ ከዓረብ አገር እንደምትመጣ መደበቅ ትችል ነበር፤ ሆኖም ያ እውነት ሲነገር ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ ለወጠው።

ሐቀኝነት ግን ሁሉን ነገር ማስረከብ አይደለም። የሐኪም ማስረጃ አንድ ገጽ ይበቃል፤ የእናትን ሙሉ የሕክምና ታሪክ መዝገብ ቤት ማስገባት አያስፈልግም። የፈቃዱ ዓላማ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ማጠናቀቅ ቢሆንም እንዲሁ ነው፤ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ መሸፈን አያዋጣም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሁሉም የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸውና። ዓላማው በሌላ ድርጅት ተቀጥሮ ሥራውን መሞከር ከሆነ ግን ፈቃድ አይጠይቁ፤ በ30 ቀን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ነው የሚገባው።

ማመልከቻው

ታኅሣሥ 20 ቀን ያስገባችው ማመልከቻ ዋናው ክፍል የሚከተለው ነበር፦

«እናቴ በደረሰባቸው የዳሌ አጥንት ስብራት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በቤት ውስጥ እያገገሙ ስለሆነ፣ ከእኔ በቀር የሚያስታምማቸው ቋሚ ሰው የለም። እህቴ በሚያዝያ መጨረሻ ከሪያድ ስትመለስ ማስታመሙን ትረከበኛለች። ስለሆነም ከጥር 4 እስከ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመት ዕረፍቴ፣ ከጥር 26 እስከ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ ግንቦት 3 ቀን በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ፤ ከተመለስኩ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ለማገልገል ቃል እገባለሁ። እስከ ጥር 2 ቀን ድረስ በእኔ ቦታ የምትተካውን ባልደረባ አሠለጥናለሁ።»

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ያስሰፍሩ።

የመመለስ ቃል እስከ ምን ድረስ?

ጥሩ ቃል ኪዳን የመመለሻ ቀን፣ ከተመለሱ በኋላ የሚያገለግሉበትን ጊዜና ነገሩ ቢለወጥ የሚደረገውን ይይዛል። እናትየው ቶሎ ቢያገግሙ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ቀድማ እንደምትመለስ፣ ጊዜው የማይበቃ ከሆነም ከማብቂያው አንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንደምታሳውቅ ጨምራ ጽፋ ነበር። አንድ ዓመት የማገልገል ቃል ለሦስት ወር ፈቃድ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ብሎ መጻፍ ለጊዜው ደስ ቢያሰኝም ቃሉን የሚከብድ ያደርገዋል።

ቀን ያልተጻፈበት የሥራ መልቀቂያ ፈርመው እንዲያስቀምጡ፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ በመያዣነት እንዲሰጡ፣ ወይም ባይመለሱ የተወሰነ ገንዘብ ለመክፈል እንዲፈርሙ ከተጠየቁ አይስማሙ። በምትኩ ዕለታዊ ሥራዎን በአግባቡ ማስረከብን ያቅርቡ። የእኛዋ ሴት በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ፣ በሦስተኛው መስመር ላይ የተሰበሩ መርፌዎች በምን ሰዓት እንደሚቆጠሩና የትኛው ደንበኛ የትኛውን ስፌት አጥብቆ እንደሚመረምር በደብተር ጽፋ ለተተኪዋ ሰጠቻት። አለቃዋ ያን ደብተር ካየ በኋላ ስለ ዋስትና ዳግም አላነሣም።

ደብዳቤው ሳይደርስዎ አይሂዱ

እዚህ ላይ የደረሰ ጉዳት አውቃለሁ። በዚያው በሠራሁበት ፋብሪካ አንድ የጥገና ሠራተኛ «ሂድ፣ ችግር የለም» ተብሎ በቃል ተፈቅዶለት ሄደ፤ የፈቀደለት ኃላፊ ተዛወረ፤ ሰውየው በሦስተኛው ወር ሲመለስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት፣ ስንብቱ ተጽፎ፣ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቀው። ፈቃዱን የሚያረጋግጥ አንድም ወረቀት ስላልነበረ ልንረዳው አልቻልንም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የፈቃድ ደብዳቤው ወጪ ቁጥር፣ ማኅተምና ሥልጣን ያለው ኃላፊ ፊርማ ሊኖረው፣ የፈቃዱን መነሻና ማብቂያ ቀን ሊገልጽ፣ ወደ ነበሩበት የሥራ መደብና ደመወዝ እንደሚመለሱም በግልጽ ሊጽፍ ይገባል። ከመሄድዎ በፊት በደመወዝዎ በኩል የሚቆረጠውንም ያስተካክሉ። ደመወዝ በማይከፈልባቸው ወራት ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው የጡረታ መዋጮ አይቆረጥም፤ የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ግን አይቆምምና ወርኃዊውን ክፍያ በማን በኩል እንደሚያስገቡ ከማኅበሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

የመመለሻው ዕለት

ፈቃዱ ባለቀ በማግሥቱ በሚውለው የሥራ ቀን መገኘት የሠራተኛው ግዴታ ነው፤ በሰዓቱ የተገኘን ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ ደግሞ የአሠሪው። ጥራት ተቆጣጣሪዋ እሑድ ማታ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ አደረች። ሰኞ ግንቦት 3 ጠዋት ወደ መስመሯ ከመግባቷ በፊት፣ «ሥራ መጀመሬን ስለማሳወቅ» የሚል አጭር ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብታ በቅጂው ላይ አስፈረመች፤ ሌላውን ቅጂ ለደመወዝ ክፍል ሰጥታ፣ የግንቦት ክፍያዋ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንዲታሰብ አደረገች።