«ሎጎው ይቀየርልን» ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከአንድ የቡና ከረጢት ሥራ የተማርኳቸው

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶና አሽጎ ለሱፐርማርኬቶችና ለሰፈር ሱቆች የሚያከፋፍል አንድ አነስተኛ ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ሰጠኝ። ባለቤቱ ያሉኝ አጭር ነበር፤ «ሎጎው አርጅቷል፣ ገዢ እየሸሸን ነው፣ ይቀየርልን»። ሥራው ያለቀው ግን ሎጎው ሳይነካ ነው። እዚያ እስክደርስ የሠራኋቸውን ስህተቶች አሁን በየጊዜው ሥራቸውን ሊያሳዩኝ በሚመጡ ወጣት ዲዛይነሮች ላይ ስለማያቸው፣ አንድ በአንድ ልጽፋቸው ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ስህተት ደንበኛው ያዘዘውን መድኃኒት እንደ በሽታው መቁጠር ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ሦስት አዳዲስ ሎጎዎችን ሠራሁ። ሳቀርባቸው ባለቤቱ በንግግራቸው መሀል፣ ሱቆች የከፈቱትን ከረጢት ሳይቀር እንደሚመልሱላቸው አነሡ። መጠየቅ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ስጀምር የተመለሰ ዕቃ መዝገብ ካለ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። በማግስቱ ቡናው ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ድርጅቱ ሦስት ዓይነት ቡና ያሽጋል፤ ያልተፈጨ ፍሬ፣ ለጀበና የተፈጨ፣ እንዲሁም ጠቆር ተደርጎ ተቆልቶ ለማሽን የተፈጨ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ጥቁር ከረጢት ይታሸጋሉ፣ ልዩነታቸውም የተጻፈው በጀርባ በኩል ከታች በደቃቃ ፊደል ነበር። ባለሱቋን እንዴት እንደሚለዩአቸው ስጠይቃቸው «ፍሬውን ጨብጬ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱ የተፈጩት ግን ለእኔም አንድ ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ። ለጀበና የፈለገ ሰው የማሽኑን ይዞ ይሄዳል፣ አፍልቶ ሲቀምሰው ይመርረዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ድርጅት ያሸገውን ይገዛል። አዲስ ሎጎ ይህን ሁሉ ሊያስቀር አይችልም ነበር።

ሁለተኛው፣ ገዢው የሚያውቀውን ነገር ሳያጣሩ መጣል ነው። በከረጢቱ ላይ አንድ ቢጫ መስመር ነበረ፤ እኔ ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ስለመሰለኝ በሦስቱም ንድፎቼ ላይ አጥፍቼው ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳዳምጥ ግን የድርጅቱን ስም ጠርቶ የገዛ ሰው አላጋጠመኝም፤ «ባለ ቢጫ መስመሩን ስጪኝ» ነበር የሚሉት። ትልልቅ ድርጅቶችም ከዚህ አላመለጡም። ትሮፒካና የተባለው የአሜሪካ የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ቀሰም የተሰካባትን ብርቱካን ከካርቶኑ ላይ አንሥቶ በብርጭቆ ጭማቂ ሲተካት፣ ሽያጩ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 20 በመቶ ያህል ቀነሰና ወደ ቀድሞው ካርቶን ተመለሰ። የትኛው ምልክት መቆየት እንዳለበት ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ዕቃው ፊታቸው በሌለበት ጥቂት ገዢዎችን «ምን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁሉም ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አይነካም።

ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። የላቲኑን ጽሑፍ ሳምንት ሙሉ ሲያስተካክል የከረመ ዲዛይነር፣ አማርኛውን በመጨረሻው ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ባገኘው ፎንት ጽፎ፣ ቦታው እንዲሞላለት ወደ ጎን ይለጥጠዋል። በአብዛኞቹ ፎንቶቻችን ቋሚዎቹ መስመሮች ወፍራም፣ አግዳሚዎቹ ደግሞ ቀጭን ናቸው፤ ፊደሉ ወደ ጎን ሲለጠጥ ወፍራሙ ይበልጥ ይወፍራል፣ ቀጭኑ ግን ባለበት ይቀራል፣ ክቡም እንቁላል ይሆናል። ማንም በላቲኑ ላይ ይህን አያደርግም። ከዚህም የሚብሰው ፊደሎቻችን አንዱን ከሌላው የሚለዩት በጥቃቅን ምልክቶች መሆናቸው መረሳቱ ነው። «ቢ» እና «ቤ»ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። የመጀመሪያው እግሩ ሥር አጭር ሰረዝ አለው፣ ሁለተኛው በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አለው። ቀለም ከረጢት ላይ ሲያርፍ ጥቂት ይስፋፋል፤ ፊደሉ ትንሽ ከሆነ ቀለበቷ ትሞላና «ቤ» «ቢ» ይሆናል። ይህን የማውቀው ከራሴ ውርደት ነው። በመጀመሪያው የሙከራ ህትመቴ «ለቤት» ብዬ የጻፍኩት «ለቢት» ሆኖ ወጣ፤ ያየውም እኔ ሳልሆን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ የስሙን ፊደላት ከመምረጣችን በፊት ቀለበት ያላቸውን ለይተን፣ ጽሑፉ በሚታተምበት በትንሹ መጠን አትመን ማየት አለብን። ቀለበቷ ከተዘጋች ፊደሉን ማተለቅ፣ ወይም በፎንት አዘጋጅ ፕሮግራም ክፍተቷን ማስፋት፣ አለዚያም ሌላ ፎንት መምረጥ ነው። አማርኛውና ላቲኑ ጎን ለጎን ሲቆሙም የሁለቱን መጠን በቁጥር እኩል ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ራቅ ብሎ በዓይን ማመዛዘን ይገባል።

አራተኛው፣ በኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቶ መወሰን ነው። ንድፉን በኮምፒውተር ላይ እንደ እውነተኛ ከረጢት አስመስሎ የሚያሳየው ሞካፕ ሁልጊዜ ያምራል፤ ከረጢቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ብርሃኑም ከፊት ነው። እውነተኛው ከረጢት ቡና ሲሞላበት ሆዱ ይነፋል፣ ጎኑ ላይ ያለው እጥፋት ዳር ላይ የተጻፈውን ይውጠዋል። ንድፉን በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሜ በሞላ ከረጢት ላይ ስጠቀልለው የስሙ የመጨረሻ ፊደል ወደ ጎን ዞሮ ጠፋ። ቢጫውም በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ያለ ነጭ መደብ ሲታተም ወደ ወይራ ቀለም ሄደ፤ ከሥሩ ነጭ እንዲደረግለት ለማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ።

መፍትሔው እነዚህን ሁሉ ካየን በኋላ ቀላል ሆነ። ለሦስቱ ቡናዎች ሦስት ዓይነት ከረጢት ማሳተም ለድርጅቱ አቅም ከባድ ስለነበር ከረጢቱ አንድ ሆኖ ቀረ። ቢጫውን መስመር አሰፋሁትና በመሀሉ ባዶ ፍሬም ተውኩለት፤ ያ ፍሬም ከፊት ለፊት የሚለጠፍ ስቲከር የሚያርፍበት ነው። በስቲከሮቹ ላይ «ፍሬ»፣ «ለጀበና» እና «ለማሽን» የሚሉት ቃላት ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ለቆመ ሰው እንዲነበቡ ተደርገው ተጻፉ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቀለም ተሰጣቸው። ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ የሰፈር ሱቅ መብራት ደካማ ነው፣ ቀለም የማይለዩ ሰዎችም አሉ። እንከን አልጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ስቲከሮች በሻካራው ፕላስቲክ ላይ አልያዙም፣ በሳምንቱ ከጠርዛቸው መላቀቅ ጀመሩ፤ ጠንካራ ማጣበቂያ ያለው ስቲከር ማዘዝ ግድ ሆነ።

ፋይሉን በጄፔግ ብቻ ማስረከብ ስህተት መሆኑን ላብራራ አልፈልግም።

የመጨረሻው ሥራውን ለሌላ ሲያስረዱ የሚሠራ ነው፤ ዲዛይነሩ «ሽያጩን አሳደግሁት» ይላል። በዚያው ወቅት ባለቤቱ አዳዲስ ሱቆችን ይዘው፣ ዋጋም አስተካክለው ስለነበር የሽያጩ ለውጥ የማን እንደሆነ እኔ መናገር አልችልም። መናገር የምችለው ከሥራዬ ጋር በቀጥታ የተያያዘውን ነው፤ «ተሳስቶ የተሰጠ» እየተባለ የሚመለሰው ከረጢት አዲሱ ከወጣ በኋላ በባለቤቱ ደብተር ላይ እየቀነሰ ሄደ፣ ባለሱቋም የተፈጩትን ሁለቱን በየመደርደሪያቸው ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ።